ማወቅ፣ ማድረግ፣ መድረስ፦ ፈላጊው የመጣበት ጉዳይ የጽሑፉን ቅርጽ ይወስናል

በፌብሩዋሪ 2010 እ.ኤ.አ. ሪድራይትዌብ የተባለ የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ ስለ ፌስቡክ አንድ ዜና አወጣ። ዜናው ሰዎች በሌሎች ድረ ገጾችም ላይ በፌስቡክ መለያቸው እንዲገቡ ኩባንያው ስለ መፈለጉ ያትታል። ብዙም ሳይቆይ ከዜናው ሥር እንግዳ አስተያየቶች ይጎርፉ ጀመር። የሚጽፉት ሰዎች ተቆጥተዋል። አንዱ አዲሱን የፌስቡክ ገጽታ እንደማይወደው ይናገራል፤ ሌላው የድሮው እንዲመለስለት ይለምናል፤ ሌላዋ ደግሞ በየት በኩል እንደሚገባ ጠፍቶባት ትጠይቃለች። ዜናውን ግን ያነበበው ያለ አይመስልም።

ነገሩ ሲጣራ ምክንያቱ ተገኘ። በእነዚያ ቀናት ጎግል ላይ facebook login ብሎ ለሚጽፍ ሰው ይህ ዜና ከላይ ከሚመጡት መልሶች አንዱ ሆኖ ነበር። ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ፌስቡክ የሚገቡት ሁልጊዜ በዚሁ መንገድ ነው፤ ሁለቱን ቃላት ይጽፋሉ፣ ከላይ የመጣውን መስመር ይጫናሉ፣ ይገባሉ። ያን ቀንም እንደ ልማዳቸው አደረጉ። በገጹ ላይ የፌስቡክ ስም አለ። አስተያየት ለመጻፍም በፌስቡክ መለያ ግባ የሚል ቁልፍ አለ። ተጫኑት፣ ገቡ፣ የቤታቸው መልክ የተለወጠ መሰላቸው።

ዜናው እንደ ዜና ምንም አልጎደለውም። ፌስቡክ የሚለው ቃል አለበት፣ ስለ መግባትም ያወራል። ቃሉ ገጥሟል፣ ጉዳዩ ግን አልገጠመም። አንባቢ ሊሆን የመጣ ሰው አልነበረም፤ የመጣው በር ፈልጎ የሚያልፍ መንገደኛ ነው። ለድረ ገጽ የሚጽፍ ሁሉ፣ የምግብ አሠራር ያዘጋጅም ዕቃ ይሽጥ፣ በየዕለቱ የሚገጥመው ይኸው ነው፦ ፈላጊው የጻፈው ቃል ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ይዞት የመጣው ጉዳይ ግን ከቃሉ ጀርባ ነው።

ሦስቱ ጉዳዮች

ይህንን በግልጽ ከፋፍሎ ያስቀመጠው የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው አንድሬ ብሮደር ነው። ብሮደር ከጎግል በፊት ስሙ ገናና በነበረው አልታቪስታ በተባለው መፈለጊያ ውስጥ ሠርቷል። በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው አጭር ጥናት፣ ሰው መፈለጊያ ላይ የሚጽፈው ሁልጊዜ ለማወቅ ብሎ ነው የሚለውን የቆየ አስተሳሰብ ነቀፈ። ያ አስተሳሰብ የመጣው ከቤተ መጻሕፍት ነበር። ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚሄድ ሰው በርግጥ ለማወቅ ይሄዳል። ድር ግን ቤተ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ገበያም፣ ቢሮም፣ መንገድም ነው።

ብሮደር ጥያቄዎችን በሦስት ከፈላቸው። የመጀመሪያው የማወቅ ጥያቄ ነው፤ ፈላጊው አንድ ነገር ማንበብ፣ መረዳት፣ ማጣራት ይፈልጋል። ሁለተኛው የማድረግ ጥያቄ ነው፤ ፈላጊው መግዛት፣ ማውረድ፣ መመዝገብ፣ ማስላት ይፈልጋል። ሦስተኛው የመድረስ ጥያቄ ነው፤ ፈላጊው የሚሄድበትን ቦታ አስቀድሞ ያውቃል፣ መንገዱን ብቻ ይፈልጋል። ከአልታቪስታ መዝገብ 400 ጥያቄዎችን አንድ በአንድ አይቶ ሲመድባቸው 48 በመቶው የማወቅ፣ 30 በመቶው የማድረግ፣ 20 በመቶው የመድረስ ሆነው ተገኙ። ግማሽ ያህሉ ፈላጊ ጽሑፍ ለማንበብ የመጣ አልነበረም ማለት ነው።

ማድረግ ሲባል መግዛት ብቻ እንዳይመስለን። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ መቀየሪያ ብሎ የሚፈልግ ሰው ገንዘብ አያወጣም፤ ጉዳዩ ግን ማድረግ ነው። የልደት ቀኑን የሚያስገባበት ሳጥንና አንድ ቁልፍ ይፈልጋል። ሁለቱ አቆጣጠሮች ለምን በሰባትና በስምንት ዓመት እንደሚለያዩ የሚተርክ ሦስት ገጽ ጽሑፍ ብናቀርብለት፣ ጽሑፉ ምንም ያህል ቢያምር አልረዳነውም። እዚህ ላይ ትክክለኛው ቅርጽ ከነጭራሹ ጽሑፍ አይደለም።

አንድ ምጣድ፣ ሦስት እንግዳ

ነገሩን በአንድ ዕቃ ላይ እንየው። በዋሽንግተን አካባቢ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሰፌድና ሞሶብ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ አለች እንበል። ለሱቋ ድረ ገጽ አሠራች፤ ስለ ምጣድም አንድ ረጅም ጽሑፍ ጻፈችበት። ጽሑፉ በእንጀራ ታሪክ ይጀምራል፣ ስለ ጤፍ ያወራል፣ የሊጥ አቡኪያን ይገልጻል፣ ከዚያ የምጣድ ዓይነቶችን ይዘረዝራል፣ መጨረሻው ላይ ዋጋና ስልክ ቁጥር ያስቀምጣል። ሁሉም ነገር አለበት፤ ደክማበታለች። ችግሩ፣ ወደዚህ ገጽ የሚመጡት ሦስት ዓይነት ሰዎች መሆናቸው ነው።

አንደኛዋ ጎግል ላይ የጻፈችው «እንጀራ ለምን አይን አያወጣም» ብላ ነው። ሁለተኛው የጻፈው «የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ አሜሪካ» ብሎ ነው። ሦስተኛዋ የሱቁን ስም ብቻ ጻፈች፤ ከጎረቤቷ ሰምታዋለች፣ ዛሬ እሑድ ክፍት መሆኑን ማወቅ ትፈልጋለች። ሦስቱም የሚያርፉት በእንጀራ ታሪክ ላይ ነው። ሦስቱም የፈለጉት እገጹ ውስጥ አለ። ሦስቱም ሳያገኙት ሊወጡ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ለአንዷ በመሀል፣ ለሌላው በግርጌ፣ ለሦስተኛዋም ከሁለት ሺህ ቃል በኋላ ነው የተቀመጠው።

ለማወቅ ለመጣችው

እንጀራዋ ዓይን ያላወጣላትን ሴት እናስባት። ሊጡ በዕቃው ውስጥ ነው፣ ምጣዱ ተጥዷል፣ አንዱ እንጀራ ድፍን ሆኖ ወጥቷል። ስልኩን የያዘችው ሊጥ በነካው እጇ ነው። ለእሷ የሚጻፈው ጽሑፍ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ መልሱን መስጠት አለበት፦ እንጀራ ዓይን የማያወጣው ብዙውን ጊዜ ሊጡ በደንብ ሳይቦካ ሲቀር፣ አብሲቱ ሳይጣል ወይም በደንብ ሳይበስል ሲቀር፣ ሊጡ ሲወፍር፣ ወይም ምጣዱ ሳይግል ሲሰፋ ነው። ይህን አንብባ የራሷን ጥፋት ወዲያው ካወቀችው ወደ ምጣዷ ትመለስ፤ ጽሑፉ ሥራውን ሠርቷል።

ያላወቀችው ግን ትቀጥላለች፤ የቀጣዩ ክፍል አደረጃጀትም ከጉዳይዋ ይነሣል። ጸሐፊው ስለ መቡካት ምንነት በመተረክ ፈንታ ምጣዱ ላይ ከምታየው ነገር ቢጀምር ይሻላል። እንጀራው በሙሉ ድፍን ነው? እንግዲያው ሊጡን እንይ፤ አብሲት ከተጣለበት በኋላ ኩፍ ብሎ ነበር ወይስ አልነበረም? መሀሉ ዓይን አውጥቶ ዳር ዳሩ ድፍን ነው? እንግዲያው ሙቀቱ ዳር ድረስ አይደርስም፤ ምጣዱን እንይ። የመጀመሪያው እንጀራ ብቻ ነው የተበላሸው? ምጣዱ ገና አልጋለም። እያንዳንዱ ንዑስ ርእስ የሚታይ ምልክት ሲሆን ዓይኗ በአንድ ጊዜ የራሷን ያገኛል።

የማወቅ ጥያቄ ሁሉ ግን አንድ መልክ የለውም። «አዲስ ምጣድ እንዴት ይሟሻል» የሚለው ጥያቄ ምክንያት አይጠይቅም፤ ቅደም ተከተል ይጠይቃል። ስለዚህ ቁጥር የተሰጣቸው ደረጃዎች ያስፈልጉታል፤ መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች፣ ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እዚህ ላይ ምክንያትን በየደረጃው መሀል እየሰነቀሩ መጻፍ አንባቢን ያደናቅፋል፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ መሰብሰብ ይቻላል።

ሌላም አለ። «ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ምጣድ አሜሪካ ይሠራል ወይ» የሚለው ጥያቄ የአንድ መስመር መልስ አለው፦ በተለመደው የግድግዳ ሶኬት አይሠራም። መልሱ ይቀድማል፤ ማብራሪያው ይከተላል። ኢትዮጵያ ውስጥ መብራቱ 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ ቤት የተለመደው ሶኬት ግን 120 ቮልት ነው። ለ220 ቮልት የተሠራና 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ 120 ቮልት ላይ ሲሰካ የሚያገኘው ኃይል 1,000 ዋት ገደማ፣ ማለትም ከሲሶው በታች ነው። ይሞቃል፣ ግን እንጀራ የሚጋግር ሙቀት ላይ አይደርስም። ቮልት የሚያሳድግ ትራንስፎርመር መግዛትም አያድንም፤ 15 አምፔር የሚችል የ120 ቮልት መስመር ቢበዛ 1,800 ዋት ነው የሚሰጠው። አንባቢው ይህን ስሌት ይፈልገው ይሆናል፣ ላይፈልገውም ይችላል፤ «አይሠራም» የሚለውን ግን ሁሉም ይፈልገዋል።

ይህ ጥያቄ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተምራል። ያው ቃል ከየት እንደተጻፈ መልሱን ይለውጠዋል። በእስራኤልም በአውሮፓም የቤት መብራት 230 ቮልት ነው፤ እዚያ ያለችው ሴት ቮልቱ አያሳስባትም፤ የእሷ ጥያቄ የሶኬቱ ቅርጽና መስመሩ የሚችለው ጭነት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ለማን እንደሚጽፍ በመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች ላይ ቢናገር አንዷን ከስሕተት፣ ሌላዋን ከከንቱ ንባብ ያድናል።

ለማድረግ ለመጣው

ሁለተኛው ሰው «ዋጋ» ብሎ ጽፏል። ምጣድ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ እናቱ ስትጋግርበት ነው ያደገው። ለእሱ የሚዘጋጀው ገጽ ስልኩ ላይ ሲከፈት፣ ጣቱን ወደ ታች ሳያንሸራትት ማየት ያለበት የዕቃውን ፎቶ፣ ዋጋውን፣ ስፋቱን በሴንቲ ሜትር፣ ቮልቱንና ዋቱን፣ ዕቃው አሁን መኖር አለመኖሩን፣ እንዴት እንደሚያዝም ነው። ቀጥሎ የማድረሻው ዋጋና ስንት ቀን እንደሚወስድ፣ ቢሰበር ወይም ባይሠራ ምን እንደሚደረግ ይመጣል። የሸክላ ምጣድ በመንገድ ላይ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ይህ የመጨረሻው ነገር ለገዢው ትንሽ ጥያቄ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እጁን የሚይዘውም እሱ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ ነጋዴዎች አንድ የተለመደ ጥፋት አለ። ፎቶውን ያወጡና ዋጋውን «በኢንቦክስ» ይላሉ። ዋጋ ብሎ ለጻፈ ሰው ይህ ሱቁን ዘግቶ በመስኮት እንደ ማነጋገር ነው። ዋጋው በየጊዜው የሚለዋወጥ ከሆነ «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ ማስቀመጥና የተጻፈበትን ቀን ማሳየት ይቻላል። ሳይታደስ የቆየ ዋጋ ግን ከኢንቦክሱም የባሰ ነው፤ ገዢው ደውሎ ሌላ ቁጥር ሲሰማ የተታለለ ይመስለዋል።

በሁለቱ መካከል የቆመ አንድ ሰውም አለ። «የቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሻላል» ብሎ ይፈልጋል። ሊገዛ ነው፣ ነገር ግን ገና አልወሰነም። ለዚህ ሰው የሚስማማው ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል ከአገር ቤት የሚመጣው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ምጣድ፣ በሌላ በኩል አሜሪካ ውስጥ በ120 ቮልት የሚሠራው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠፍጣፋ መጋገሪያ፤ ሁለቱም በአንድ መለኪያ ይመዘናሉ። ትልቁ ልዩ የ240 ቮልት መስመርና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጠይቃል፤ ትንሹ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ እንጀራው ግን ትንሽ ነው። ከሠንጠረዡ በታች ጸሐፊው ፍርዱን መስጠት አለበት፦ ለትልቅ ቤተሰብ ይህ፣ በኪራይ አፓርታማ ለሚኖር ይኼኛው። የሚያነጻጽር ሰው የመጣው ለመወሰን ስለሆነ «ሁሉም የየራሱ ጥቅም አለው» ብሎ የሚደመደም ጽሑፍ ባዶ እጁን ይሰደዋል።

ለመድረስ ለመጣችው

ሦስተኛዋ የሱቁን ስም የጻፈችው ናት፤ ከሁሉም የምትፈልገው ጥቂቱን ነው። ስም፣ አድራሻ፣ ካርታ፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓት። እነዚህ በአንድ አጭር ገጽ ላይ፣ በጽሑፍ መቀመጥ አለባቸው። በጽሑፍ ማለቴ በምክንያት ነው፤ ብዙ ሱቆች የሥራ ሰዓታቸውንና ስልካቸውን በሚያምር ፖስተር ምስል ውስጥ ብቻ ያደርጉታል። ምስሉ ውስጥ ያለውን ስልክ ተጭኖ መደወል አይቻልም፤ መፈለጊያውም አስተማማኝ በሆነ መንገድ ላያነበው ይችላል። የሱቁ ስም በአማርኛም በላቲን ፊደልም፣ ሰዎች እንደሚጽፉት ሆኖ መስፈር ይገባዋል።

የመድረስ ጥያቄ ለሌላ ሰው ጽሑፍ ሜዳ አይሆንም። የአንድ ባንክ መተግበሪያ ስም ብዙ ሰው ስለሚፈልገው ብቻ በዚያ ስም ጽሑፍ የሚያዘጋጁ አሉ። ሰዎቹ የሚፈልጉት ግን የባንኩን ገጽ ነው። ጽሑፉ ለጊዜው ከላይ ቢወጣ እንኳ የሚሰበስበው የተሳሳተ እንግዳ ነው፤ ሪድራይትዌብ ሳያስበው የገጠመው ይኸው ነበር። ከዚህም የከፋ ጎን አለው። አጭበርባሪዎች የሚያዘጋጁት አስመስሎ የተሠራ የመግቢያ ገጽ የሚያጠምደው እንዲህ ያለውን፣ መንገድ ብቻ የሚፈልግ፣ አድራሻውን የማያይ ሰው ነው። ስለ ሌላ ድርጅት አገልግሎት የሚጽፍ ሐቀኛ ጸሐፊ ታዲያ ትክክለኛውን ሊንክ ከላይ ያስቀምጣል፣ ገጹ የድርጅቱ አለመሆኑንም በግልጽ ይናገራል።

ጉዳዩ በምን ይታወቃል?

አማርኛ በዚህ ረገድ ደግ ቋንቋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጉዳዩን ቃሉ ራሱ ይነግረናል። «ለምን»፣ «እንዴት»፣ «ምንድን ነው» የማወቅ ናቸው። «ዋጋ»፣ «ሽያጭ»፣ «ማውረጃ»፣ «ምዝገባ» የማድረግ ናቸው። «የቱ ይሻላል» በመካከል ያለው ነው። የድርጅት ወይም የመተግበሪያ ስም ብቻውን ሲመጣ የመድረስ ነው። አስቸጋሪው «ምጣድ» ብሎ ብቻውን የሚጻፈው ነው። ብዙውን የሚፈልገው ሰው ምን ይዞ እንደመጣ አይታወቅም፤ እንዲህ ላለው ቃል ሦስቱንም እንግዳ ወደየበሩ የሚመራ አጭር ገጽ ይሻላል እንጂ ሦስቱንም ጎትቶ የሚያስነብብ ረጅም ጽሑፍ አይሆንም።

በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች ሌላም የታወቀ ዘዴ አላቸው። ጥያቄውን ራሳቸው ይጽፉትና ከላይ የመጡት አሥር መልሶች ምን መልክ እንዳላቸው ያያሉ። ብዙዎቹ የአሠራር ደረጃዎች ከሆኑ ጉዳዩ ማወቅ ነው፤ ሱቆች ከሆኑ ማድረግ ነው። ዘዴው ለእንግሊዝኛ በደንብ ይሠራል፤ በእንግሊዝኛ ለአንድ ጥያቄ የሚፎካከሩ ገጾች ብዙ ስለሆኑ ከላይ የሚወጣው የብዙ ሰው ምርጫ የተፈተነበት ነው። በአማርኛ ግን ልናምነው የምንችለው በከፊል ነው። ለብዙ ጥያቄዎች የተጻፈ የአማርኛ ገጽ ስለሌለ መፈለጊያው የሚያሳየን ያለውን ነው እንጂ የሚፈለገውን አይደለም። ስለ አብሲት ብንፈልግ ከላይ ዘፈን ወይም ተራ ወሬ ቢመጣ፣ ሰው ስለ አብሲት ዘፈን ይፈልጋል ማለት አይሆንም።

ስለዚህ የአማርኛ ጸሐፊ የተሻለ ምንጩ የሰው አፍ ነው። ነጋዴዋ በስልክ ደጋግማ የምትጠየቀው፣ በቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ እናቶች የሚጠያየቁት፣ ዘመድ ለዘመድ የሚልከው ጥያቄ፣ እነዚህ ጉዳዩን ከነአነጋገሩ ይዘውት ይመጣሉ። አነጋገሩ ደግሞ ዋጋ አለው። ባለሙያው «የእንጀራ ገጽታ ጉድለት» ሊል ይችላል፤ ሰው የሚጽፈው ግን «አይን አላወጣም» ብሎ ነው። መጽሐፍ «ዓይን» ብሎ በዐይኑ ዐ ቢጽፍም ስልክ ላይ የሚጽፈው ሰው አብዛኛውን ጊዜ «አይን» ይላል፤ ሌላው ደግሞ በላቲን ፊደል injera mitad ይላል። ርእሱ በአንዱ ቢጻፍ፣ በጽሑፉ ውስጥ ሌላው አጻጻፍ በተፈጥሯዊ ቦታው አንድ ጊዜ ቢገባ፣ ያው አንድ ጉዳይ ያላቸው ሰዎች በአንድ ገጽ ይገናኛሉ።

ሳይገጥም ሲቀር

ቅርጹና ጉዳዩ አለመግጠማቸውን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በነጻ የሚሰጠው ሰርች ኮንሶል የተባለ መሣሪያ፣ ገጹ በየትኛው የፍለጋ ቃል ስንት ጊዜ እንደታየና ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ይናገራል። የነጋዴዋ ረጅም ጽሑፍ «የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋጋ» ለሚለው በወር 1,000 ጊዜ ታይቶ 8 ጊዜ ብቻ ተከፈተ እንበል። ጉዳዩ ያለው ርእሱ ላይ ነው። ሰዎች ዋጋ ብለው ጽፈው «የእንጀራ ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ» የሚል ርእስ አዩ፤ አለፉት። ጽሑፉን ማስረዘም እዚህ አይረዳም። የሚረዳው ለዋጋ የራሱን ገጽ መሥራት፣ ታሪኩንም ታሪክ ለሚፈልግ መተው ነው።

ሁለተኛው ምልክት ሰው ከፍቶት ወዲያው መውጣቱ ነው። ይህ ግን ብቻውን አያስፈርድም። የሥራ ሰዓቱን ለማየት የመጣችው ሴት በአሥር ሰከንድ ውስጥ አይታ ብትወጣ ገጹ የተሳካ ነው። ሊጡ ያስቸገራት ሴት በአሥር ሰከንድ ብትወጣ ግን፣ ወይ መልሱን በመጀመሪያው አንቀጽ አግኝታለች፣ ወይ ተስፋ ቆርጣለች። ሁለቱን ለመለየት ሦስተኛው ምልክት ይረዳል፤ ገጹ ላይ የተጻፈውን ነገር ሰዎች አሁንም ደውለው ይጠይቃሉ ወይ? «ምጣዱ ስንት ቮልት ነው» እያሉ በየቀኑ የሚደውሉ ካሉ፣ ቮልቱ ተጽፏል እንጂ ሊገኝ በሚችልበት ቦታ አልተጻፈም።

ነጋዴዋ ጽሑፏን ከፈለችው እንበል። አንደኛው ገጽ ዓይን ስላላወጣ እንጀራ፣ ሁለተኛው የምጣዶቹ ዋጋና ማዘዣ፣ ሦስተኛው የሱቁ አድራሻና ሰዓት ሆነ። ሦስቱም በአንድ አንድ ሊንክ ተያያዙ፤ ምጣዷ ዳር ዳሩን የማያሞቅላት ሴት ከመጀመሪያው ገጽ ወደ ሁለተኛው የምትሻገርበት መንገድ አላት። የተጻፈው ቃል ብዛት አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀንሷል።

ይህ ሁሉ ግምት መሆኑን ግን አንርሳ። በ2008 እ.ኤ.አ. በርናርድ ጃንሰንና ባልደረቦቹ ጥያቄዎችን በኮምፒውተር ሲመድቡ ከ80 በመቶ በላይ የማወቅ ሆነው ወጡ፤ ይህ ከብሮደር ቁጥር በእጅጉ ይለያል። ከጥያቄዎቹም ሩብ ያህሉ ጉዳያቸው ግልጽ ያልሆነ ወይም ብዙ ጉዳይ በአንድ ጊዜ የያዙ ነበሩ። ያው ሰው ራሱ ጠዋት ለማወቅ ፈልጎ ማታ ለመግዛት ሊመለስ ይችላል። ክፍፍሉ የሚጠቅመን ሰውን በሣጥን ለመክተት ሳይሆን፣ ብዕር ከማንሣታችን በፊት «ይህ ሰው ስልኩን ሲያስቀምጥ ምን አግኝቶ ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ነው።

ሪድራይትዌብ ያን ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ዜናውን አላነሣም፣ እንደገናም አልጻፈውም። በመሀሉ በደማቅ ፊደል አጭር ማሳሰቢያ አስገባ፤ ከጎግል የመጡ እንግዶችን ሰላም ብሎ ይህ ፌስቡክ አለመሆኑን ነገራቸው፣ ወደ ፌስቡክ የሚወስደውን ሊንክ ሰጣቸው፣ ለሌላ ጊዜ አድራሻውን ራሳቸው እንዲጽፉትም መከራቸው። ለአንባቢው ዜናው እንዳለ ቀረለት፤ መንገደኛውም መንገዱን አገኘ።